በክረምት የሞላ፣ በበጋ የነጠፈ፦ የአንድ ጓሮ አትክልት ፓምፕ አመራረጥ

ሴትዮዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ወደ ጥገና ቤቴ ሲመጡ ፓምፑን በጆንያ ጠቅልለው አሸክመው ነበር። «ልጄ፣ ይሄ ሁለተኛው ነው» አሉኝ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት። «የመጀመሪያው ግማሽ ፈረስ ጉልበት ነበር። አቅሙ ትንሽ ነው ሲሉኝ ባለ አንድ ፈረስ ጉልበት ገዛሁ። ይሄው እሱም ያው ሆነ።»

ከፍቼ አየሁት። ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘው፣ ሲል የሚባለው ክፍል በሙቀት ጠቁሮ ተሰነጣጥቋል። ውሃውን የሚገፋው የነሐስ ኢምፔለር ጥርሶቹ ጠርዝ ላይ ምስጥ እንደበላው እንጨት ተቦርቡሯል። እነዚህ ሁለት ምልክቶች አንድ ላይ ሲገኙ ፓምፑ በቂ ውሃ ሳያገኝ ብዙ እንደሠራ ይናገራሉ። የሞተሩ መጠምጠሚያ ግን ደህና ነበር። ስለዚህ ጥያቄዬ ስለ ፓምፑ ሳይሆን ስለ ጊዜው ሆነ። መቼ ተገዛ? መቼ ደከመ?

የተገዛው በክረምት ነው። አራት ወር ያህል ያለ ችግር ታንከሩን ሞላ። በጋው ሲገፋ ውሃው እየቀጠነ መጣ፣ ፓምፑ ውስጥ ጠጠር የገባ ይመስል መንኳኳት ጀመረ፣ ቱቦው ይንቀጠቀጥ ነበር። በመጨረሻ ሞተሩ እየዞረ ውሃ የለም። የመጀመሪያውም ፓምፕ ታሪክ ቃል በቃል ይኸው ነበር። አንድ ዓይነት ሞት በሁለት የተለያዩ ፓምፖች ላይ ሲደገም፣ መመርመር ያለበት ጉድጓዱ ነው።

ጉድጓዱን መለካት

በማግስቱ ማለዳ፣ ማንም ውሃ ሳይቀዳ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበት ሲባጎ ይዤ ሄድኩ። ማለዳ የሄድኩት ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ተመልሶ የተረጋጋበት ሰዓት ስለሆነ ነው። በእጅ የተቆፈረው ጉድጓድ 11 ሜትር ጥልቀትና 1.2 ሜትር ስፋት አለው። ውሃው የሚገኘው ከአፉ 7.5 ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። ግድግዳው ላይ ግን ከአፉ 4 ሜትር ግድም ያረጀ የውሃ መስመር ይታያል። መምህርቷ አይተው «አዎ፣ በነሐሴ እዚያ ነበር» አሉ። ፓምፑ ደግሞ የተቀመጠው ላይ፣ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ፣ መሬት ላይ ነው።

ምክንያቱ እዚህ ተገኘ። መሬት ላይ የሚቀመጥ ፓምፕ ውሃን «ይስባል» እንላለን እንጂ፣ የሚያደርገው ቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት መቀነስ ብቻ ነው። ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ጉድጓዱ ውስጥ ባለው ውሃ ላይ የሚጫነው አየር ነው። የአየሩ ጫና ደግሞ ልክ አለው። በባሕር ጠለል ላይ ቢበዛ 10.3 ሜትር ያህል ውሃ ይሸከማል፤ ከዚያ በላይ ከፍታ በጨመርን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ 1.2 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። የሳቸው ጓሮ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ የአየሩ ጫና እዚያ የሚሸከመው 8 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህም በወረቀት ላይ ነው። ፓምፑ ራሱ ውሃው ወደ አረፋ እንዳይለወጥ የተወሰነ ግፊት መግቢያው ላይ ይፈልጋል፤ የመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ላይ ውሃው ወደ ታች እንዳይመለስ የሚይዘው ፉት ቫልቭና ቱቦው ራሱም የራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ። ሁሉም ሲቀነስ በእጅ የሚቀረው ከ5 እስከ 5.5 ሜትር ነው።

በክረምት ውሃው 4 ሜትር ላይ ስለነበር ፓምፑ ያለ ችግር ሠራ። በበጋ 7.5 ሜትር ሲወርድ ከአቅሙ ውጭ ሆነ። ያ የጠጠር ድምፅ ግፊት ያነሰው ውሃ ውስጥ የሚፈጠሩ የእንፋሎት አረፋዎች ኢምፔለሩ ላይ ሲፈነዱ የሚሰማ ነው። ነሐሱን የቦረቦሩትም እነሱው ናቸው። ፈረስ ጉልበት መጨመር ይህን አያድንም፤ ሞተሩ ቢጠነክር አየሩ አይከብድምና። ባለ አንድ ፈረስ ጉልበቱ ፓምፕ እንዲያውም ብዙ ውሃ ስለሚፈልግ ከመሳቢያው ቱቦ ጋር የባሰ ታገለ።

«ታዲያ ሻጩ 40 ሜትር ያነሳል አለኝ እኮ» አሉ መምህርቷ። እውነቱን ነው፤ ሰሌዳው ላይ `H max 40 m` ተጽፏል። ግን ያ ቁጥር ፓምፑ ከራሱ ወደ ላይ የሚገፋው ነው እንጂ ከታች የሚስበው አይደለም። በዚያ ላይ ሌላ ነገር አለ። አብሮ የተጻፈው `Q max 40 l/min` ከ40 ሜትሩ ጋር በአንድ ጊዜ አይገኝም። 40 ሜትር ላይ ሲደርስ የሚወጣው ውሃ ዜሮ ነው፤ በደቂቃ 40 ሊትር የሚወጣው ደግሞ ምንም ያህል ከፍታ ሳይኖር ነው። እውነተኛው ሥራ በሁለቱ መሃል ነው። ገዢ ሁሉ ሁለቱን ትላልቅ ቁጥሮች አንድ ላይ አንብቦ ይገዛል፤ ይህ ነገር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ስንት ውሃ፣ በስንት ከፍታ

ፓምፕ ከመምረጣችን በፊት ሁለት ቁጥር ብቻ ያስፈልገን ነበር፤ በደቂቃ ስንት ሊትር እና በጠቅላላው ስንት ሜትር።

የአትክልቱ መደብ ስፋት 180 ካሬ ሜትር ነው። በደረቅ ወራት አንድ ካሬ ሜትር በቀን 5 ሊትር ያህል ይጠጣል ብዬ ያዝኩ፤ ይህ 900 ሊትር ይሆናል። በቱቦ ሲያጠጡ በመንገድ የሚፈሰውንና የሚተነውን ጨምሬ 1,200 ሊትር አደረግሁት። መምህርቷ ታንከሩን ማለዳ ሞልተው ወደ ማታ ማጠጣት ይፈልጋሉ። 1,200 ሊትር በአንድ ሰዓት ለመሙላት በደቂቃ 20 ሊትር ይበቃል። በጋው ቢበረታ እንኳ ጊዜው እንዳይረዝም 25 ብለን ያዝን።

ጉድጓዱ ይህን ይሰጣል ወይ? 1.2 ሜትር ስፋት ባለው ጉድጓድ ውስጥ እያንዳንዱ ሜትር 1,130 ሊትር ገደማ ይይዛል። ስለዚህ የቀኑ ውሃ ሲወጣ የውሃው ወለል አንድ ሜትር ያህል ይወርዳል። በባልዲና ገመድ ከመቅዳት ይልቅ ተውሼ በወሰድኩት ፓምፕ አንድ ሜትር ካወረድኩ በኋላ አጥፍቼ ጠበቅሁ። በአንድ ሰዓት 20 ሳንቲ ሜትር ተመለሰ። ወለሉ ወደ ቦታው በተጠጋ ቁጥር አመላለሱ እየዘገየ ይሄዳል፤ ቢሆንም ከማለዳ እስከ ማለዳ በቂ ነው። ይህ ጉድጓዱ ሰፊ ስለሆነ የተገኘ ዕድል ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የተቦረቦረ ጉድጓድ ቢሆን አንድ ሜትሩ የሚይዘው 8 ሊትር እንኳ ስለማይሞላ፣ ፓምፑ የሚያወጣው በየደቂቃው ከሚመነጨው በልጦ ወዲያው ይደርቅ ነበር።

አሁን ከፍታው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የማለዳውን 7.5 ሜትር ወስዶ መሄዱ ነው። ፓምፑ እየሠራ ወለሉ ስለሚወርድ መቆጠር ያለበት 8.5 ነው። ከጉድጓዱ አፍ እስከ ታንከሩ ያለው መሬት 1.5 ሜትር ይወጣል፤ ውሃው ታንከሩ ውስጥ የሚገባው ደግሞ ከመሬት 3 ሜትር ላይ ነው። ድምሩ 13 ሜትር።

የቱቦው ድካም፣ ማለትም ውሃው ቱቦው ውስጥ ሲፋተግ የሚባክነው ጉልበት፣ ገና አልተቆጠረም። ከፓምፑ እስከ ታንከሩ አጠቃላይ የቱቦ ርዝመት 60 ሜትር ነው። መምህርቷ የነበራቸው የውስጥ ስፋቱ 16 ሚሊ ሜትር የሆነ የአትክልት ጎማ ነው። በዚያ ቱቦ በደቂቃ 20 ሊትር ለማሳለፍ ብቻ ወደ 14 ሜትር የሚጠጋ ተጨማሪ ከፍታ ይባክናል፤ ከጉድጓድ እስከ ታንከር ያለውን ከፍታ ሁለት ጊዜ ማንሳት ማለት ነው። 20 ሚሊ ሜትር ሲሆን 4.6 ሜትር ይሆናል። 25 ሚሊ ሜትር ሲሆን 1.6 ብቻ። የቱቦ ስፋት ትንሽ ሲጨምር ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። 25 ሚሊ ሜትሩን መረጥን፤ ለ25 ሊትር ስናሰላው 2.4 ሜትር ወጣ። ውሃው እንዳይመለስ ለሚይዘው ቫልቭና ለመታጠፊያዎቹ ግማሽ ሜትር ጨመርኩ።

ስለዚህ የምንፈልገው ፓምፕ ስሙ እንዲህ ሆነ፦ በ16 ሜትር ላይ በደቂቃ 25 ሊትር።

የመምህርቷ ወንድም አብሮን ነበርና «ለምን በደቂቃ 60 የሚያወጣ አንገዛም? በሃያ ደቂቃ እንገላገላለን» አለ። ቱቦውን ሳንቀይር 60 ሊትር ለማሳለፍ ድካሙ ከ2.4 ወደ 12 ሜትር ይዘላል። ፍሰት በእጥፍ ሲጨምር የቱቦ ድካም አራት እጥፍ ሊሆን ይቃረባልና። ኃይለኛ መምጠጥ ደግሞ ከጉድጓዱ ሥር ያለውን ደለል ያስነሳል፤ ደለሉ ደግሞ የፓምፑን ሲል ይበላል። ወንድምየው ሂሳቡን አይቶ ተወው።

ሌላም ነገር አሳየኋቸው። 25 ሊትር ውሃ በደቂቃ 16 ሜትር ለማንሳት ውሃው ራሱ የሚፈልገው ጉልበት 65 ዋት ብቻ ነው። ትናንሽ ፓምፖች ከሚበሉት ኤሌክትሪክ ሩቡን ወይም ትንሽ ከፍ ያለውን ብቻ ወደ ውሃ ስለሚያስተላልፉ 260 ዋት ያህል ቢወስድ ነው። ግማሽ ፈረስ ጉልበት 370 ዋት ነው፤ ይበቃል፣ ይተርፋል።

የት ይቀመጥ

ፓምፑን ጉድጓዱ ውስጥ ዝቅ ባለ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ይቻል ነበር። ይህ በበጋ ይሠራል። በክረምት ግን ውሃው 4 ሜትር ላይ ሲደርስ ወደ ሞተሩ በጣም ይጠጋል፤ ትንሽ ከፍ ቢል ሞተሩ ይሰምጣል። በቤንዚን የሚሠራውንማ ጉድጓድ ውስጥ ማስገባት በፍጹም የማይታሰብ ነው፤ ጭሱ ታች ተጠራቅሞ ለመጠገን የሚወርደውን ሰው ይገድላል። በሁለት ቱቦ የሚሠራው ጄት ፓምፕ መሬት ላይ ተቀምጦ ከጥልቅ ማውጣት ይችላል፤ ነገር ግን ከሚገፋው ውሃ ከፊሉን መልሶ ወደ ታች ስለሚልክ ኤሌክትሪክ ይበላል።

የቀረው ውሃ ውስጥ የሚሰምጠው፣ ሰብመርሲብል የሚባለው ነው። እሱ ውሃውን ከታች ይገፋል እንጂ ስለማይስብ የአየሩ ጫና ጉዳይ ከነጭራሹ ይቀራል። እዚህም ምርጫ አለ። ለጠባብ የተቦረቦረ ጉድጓድ የተሠራው ቀጭኑ ዓይነት ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ጎኑን ታክኮ የሚያልፈው ውሃ ነው። በሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ውሃው ከየአቅጣጫው በቀጥታ ወደ መግቢያው ስለሚሄድ ሞተሩ ዙሪያ ይረጋል፤ ልዩ መሸፈኛ ካልተደረገለት ይግላል። ለክፍት ጉድጓድ የሚሆነው የሚገፋው ውሃ በሞተሩ ቅርፊት ዙሪያ አልፎ የሚወጣበት፣ ተንሳፋፊ ማጥፊያ ያለው ዓይነት ነው። እሱን ፈለግን።

ሁለት ፓምፕ በአንድ በርሜል

ለመምረጥ ሁለት ቀረቡ። ሁለቱም ባለ ግማሽ ፈረስ ጉልበት ናቸው። አንደኛው ሰሌዳው ላይ 50 ሜትርና በደቂቃ 80 ሊትር ይላል፤ የትኛው ከፍታ ላይ ስንት እንደሚያወጣ የሚያሳይ መስመር ግን የለውም። ሁለተኛው 32 ሜትርና 60 ሊትር ነው የሚለው፤ ከካርቶኑ ውስጥ ሙሉ የከፍታና የፍሰት ሰንጠረዥ ይወጣል። በ16 ሜትር 30 ሊትር እንደሚሰጥ ይገልጻል።

የወረቀት ቃል መፈተን ይቻላል። ሻጮቹን አስፈቅደን ሁለቱንም በየተራ በውሃ የተሞላ በርሜል ውስጥ ከተትን፤ መውጫው ላይ የግፊት መለኪያና ጌት ቫልቭ ገጠምኩ። አንድ ባር ከ10 ሜትር ትንሽ ስለሚበልጥ የኛ 16 ሜትር ማለት 1.6 ባር ገደማ ነው። ቫልቩን ቀስ በቀስ እየዘጋሁ መርፌው 1.6 ላይ ሲደርስ አቆምኩና 20 ሊትር ባልዲ የሚሞላበትን ጊዜ ቆጠርኩ። 50 ሜትር ያለው 86 ሰከንድ ፈጀበት፤ በደቂቃ 14 ሊትር መሆኑ ነው። 32 ሜትር ያለው በ39 ሰከንድ ሞላ፤ ከ30 ትንሽ ከፍ አለ። መምህርቷ ባልዲውን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ትክክል ነበሩ፤ አንድ ልኬት አይታመንም።

ከፍታና ፍሰት ነገሩን ጨረሱት ማለት ይቻል ነበር፤ ግን ፓምፑ ውሃ ውስጥ የሚኖር ዕቃ ነው፤ አንድ ቀን መውጣቱ አይቀርም። ያን ቀን ማን ይከፍተዋል? ስለ ምልክቱ ዝና አልጠየቅሁም። የምልክቱ ጥገና ክፍል ሄጄ የጠየቅሁት የዚህን ሞዴል ሲል፣ ሞተሩን የሚያስነሳ ካፓሲተር፣ ኢምፔለርና ተንሳፋፊ ማጥፊያ አሁን መደርደሪያ ላይ አላችሁ ወይ የሚል ነው። «እናስመጣለን» የሚል መልስ ለአትክልት «የለንም» ማለት ነው፤ ተክል ሁለት ሳምንት አይጠብቅም። አራቱንም አውጥተው አሳዩኝ። ከዚያ ፓምፑን በየክፍሉ ተበታትኖ የሚያሳየውን፣ የዕቃዎቹን ቁጥር የያዘውን ሥዕል ጠየቅሁ፤ ነበራቸው። በሚጠግነው ልጅ ጠረጴዛ ላይ ያው ሞዴል ተከፍቶ ነበርና ኩሽኔታውን አየሁት። በየትኛውም መለዋወጫ ቤት የሚገኝ `6202` የሚል የተለመደ መጠን ነው። ይህን በጣም ወደድኩት። ጥገና ክፍሉ ነገ ቢዘጋ እንኳ ሌላ ባለሙያ ሊጠግነው ይችላል ማለት ነው። የሌላኛው ፓምፕ ሞተር ክፍል በሙጫ የታሸገ ነበር፤ ሲበላሽ ሙሉው ይጣላል።

የዋስትናውንም ወረቀት እስከ መጨረሻው አነበብን። ያለ ውሃ በመሥራት ወይም በኤሌክትሪክ መውረድ ምክንያት የመጣ ጉዳት አይሸፈንም ይላል። አብዛኛው ፓምፕ የሚሞተው ደግሞ በእነዚህ ሁለቱ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ የማይሸፍነውን እኛው በገጠማ መሸፈን ነበረብን።

ገጠማውና በኋላ የሆነው

ፓምፑን በናይለን ገመድ አንጠልጥለን ከጉድጓዱ ሥር 70 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገን አሰርነው፤ ክብደቱ በቱቦው ወይም በኤሌክትሪክ ገመዱ ላይ እንዳይወድቅ። ተንሳፋፊው ውሃው ከፓምፑ አናት በላይ ግማሽ ሜትር ሲቀረው እንዲያጠፋ ገመዱን አሳጠርኩ። ለኤሌክትሪኩ ቮልቴጅ ሲወርድ የሚቆርጥ መከላከያና ወደ መሬት የሚፈስ ኤሌክትሪክ ሲኖር የሚያቋርጥ ብሬከር ገጠምን፤ ውሃ ውስጥ ያለ ሞተር ያለ እሱ መገጠም የለበትም። እስከ ጉድጓዱ ያለውን የኤሌክትሪክ ገመድም በወፍራም ቀየርነው። አሮጌው ቀጭን ስለነበር ሞተሩ ሲነሣ ቮልቴጁ በገመዱ ላይ ይጠፋ ነበር።

ታንከሩ ጫፍ ላይ ባልዲ ይዘን ለካን። 44 ሰከንድ፣ በደቂቃ 27 ሊትር። በርሜሉ ላይ ከ30 በላይ አልነበረም ወይ? ነበር፤ ግን ፍሰቱ ከ25 ሲያልፍ የቱቦው ድካምም ስለሚያድግ ፓምፑና ቱቦው 27 ላይ ተገናኙ። ይህንን ቁጥር በጠመኔ ታንከሩ ላይ ጻፍኩላቸው። በየወሩ አንዴ ባልዲውን እንዲቆጥሩ ነገርኳቸው፤ ሰከንዱ እየጨመረ ከሄደ ኢምፔለሩ እየተበላ ወይም ቱቦው እየፈሰሰ ነው፤ ፓምፑ ሳይቆም በፊት ይታወቃል።

በጋው መጨረሻ ላይ ውሃው 7.9 ሜትር ደረሰ። ታንከሩ ግን ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ይሞላ ነበር። በሰባተኛው ወር አንድ ማለዳ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ያጉረመርማል እንጂ አይነሳም።» እንዲያጠፉት ነግሬ ሄድኩ። ሞተር አጉረምርሞ ካልዞረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካፓሲተሩ ነው፤ ለካሁት፣ አቅሙ ከተጻፈበት ግማሽ በታች ወርዷል። ጥገና ክፍሉ ያንኑ ዕለት ከመደርደሪያው አውጥቶ በዋስትናው ቀየረው። መምህርቷ ማታ መደቦቹን ሲያጠጡ አገኘኋቸው፤ ባልዲው ከታንከሩ ሥር ተቀምጧል፤ ጠመኔው ላይ ደግሞ «44» ከሚለው በታች በራሳቸው እጅ «45» ጨምረውበታል።